ልጅቷ ላኖሯት ቤተሰብ የጻፈችውን የምስጋና ደብዳቤ ለአያቶቿ እንዴት እንተርጉመው?

ልጅቷ ውጭ አገር አንድ የትምህርት ዓመት ሰው ቤት ኖራ ልትመለስ ስትል፣ ያኖሯትን ባልና ሚስት የምታመሰግንበት ደብዳቤ ጻፈች እንበል። የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። አያቶቿ ደብዳቤ መጻፏን ሰምተው «ምን ብላ እንዳመሰገነቻቸው አንብቡልን» አሉ። እንግሊዝኛ የሚችል የቤተሰብ ልጅ ተፈለገና ሥራው እናንተ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደሚሠራ አንድ ደብዳቤ ይዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሄዳለን።

ይህ ትርጉም ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። ደብዳቤው ለአያቶች አልተጻፈም። እነሱ ልጃቸው ከሌላ ሰው ጋር ስታወራ ከጎን ሆነው ነው የሚሰሙት። ሲሰሙ ደግሞ ሁለት ነገር ይመዝናሉ። ሰዎቹ ልጃችንን እንዴት ያዟት? እሷስ በወጉ አመሰገነች ወይ? በእንግሊዝኛ ሞቅ ያለና ጨዋ የሆነ ደብዳቤ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመጣ ልጅቷን ባለጌ፣ ወይም አገሯን የረሳች ሊያስመስላት ይችላል። ያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ያለባችሁ በጥቂት ቦታዎች ላይ ነው፤ ቦታዎቹ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ናቸው።

መጀመሪያ ልጅቷን አነጋግሯት

ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ደብዳቤውን ይዛችሁ ደውሉላት። በጽሑፍ መልእክት ብትጠይቋት ግማሹን ሳትመልስ ታልፈዋለች፤ በስልክ ግን መስመር በመስመር መሄድ ትችላላችሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፈቃድ ነው። ደብዳቤው የእሷና የእነዚያ ሰዎች ነው። ሰዎቹ በቤታቸው ስለገጠማቸው ሕመም፣ ጭቅጭቅ ወይም ሐዘን አምነው የነገሯትና እሷም በደብዳቤዋ ያነሳችው ነገር ካለ፣ እሱ ለአያቶች ጆሮ አይደለም። የቱ ይነበብ፣ የቱ ይቅር የምትለው እሷ ናት። እናንተ በራሳችሁ አትቁረጡ። ይቅር ካለችም አንቀጹን ሙሉ በሙሉ አውጡት እንጂ ግማሹን ትታችሁ ግማሹን አታለሳልሱ፤ እንዲያ የተነካካ አንቀጽ ሲነበብ የሆነ ነገር እንደተደበቀ ያስታውቃል፣ አያቶች ደግሞ ይህን ቶሎ ያውቃሉ።

ሁለተኛው እንግሊዝኛው የማይነግራችሁ ነገር ነው። በእኛ ደብዳቤ «አዲስ ዓመት ላይ ጓደኛዬ መጥቶ ሲያድር» ወይም «መጥታ ስታድር» ሊባል የሚችል ዓረፍተ ነገር አለ። እንግሊዝኛው ጓደኛ ብቻ ነው የሚለው፤ ወንድ ይሁን ሴት አይገልጽም። አማርኛው ግን ግሡ ላይ የግድ አንዱን ያስመርጣችኋል። በግምት «መጥቶ ሲያድር» ብላችሁ ብትጽፉ አያቶቿ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ወሬ እንደሚነሳ አስቡት። ጠይቋት። የአክስት ልጅ ወይስ የአጎት ልጅ፣ ታላቅ ወንድም ወይስ ታናሽ የሚለውንም እዚያው አጣሩ፤ እንግሊዝኛው ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል።

ሦስተኛው ዕድሜ ነው። ያኖሯት ሰዎች የስንት ዓመት ሰዎች ናቸው? መልሱ የሚቀጥለውን እርምጃ ይወስናል።

አራተኛው ደግሞ አያቶች የማያውቁት ነገር አለ ወይ የሚለው ነው። በደብዳቤው ውስጥ ልጅቷ ታማ ሆስፒታል የገባችበት ታሪክ አለ። እናትና አባት ሰምተው ለአያቶች ሳይነገር የቀረ ከሆነ፣ ከደብዳቤው ላይ ሲነበብ መስማት የለባቸውም። ወይ ቀድሞ በአፍ ይነገራቸው፣ ወይ ያ አንቀጽ ይቅር። እኔ ቀድሞ ቢነገራቸው እመርጣለሁ። የሰዎቹ ትልቁ ውለታ ያለው እዚያ አንቀጽ ውስጥ ነው፤ እሱ ከወጣ ምስጋናው ይሳሳል።

«አንተ»፣ «እርስዎ» ወይስ «እናንተ»?

ልጅቷ በእንግሊዝኛ ሁለቱንም በስማቸው ብቻ ነው የጠራቻቸው። እዚያ ሰዎቹ ራሳቸው በስማችን ጥሪን ይላሉ፤ ነውር የለውም። በአማርኛ ግን የ60 ዓመት ሰው በባዶ ስሙ ጠርታ «አስተማርከኝ» ስትለው አያቷ የሚሰሙት ምስጋናውን ሳይሆን ድፍረቱን ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ደብዳቤው ለሁለት ሰው ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ላይ የምታናግርበትን ሁሉ «እናንተ» አድርጉት። «ጠበቃችሁኝ»፣ «ወሰዳችሁኝ»፣ «አልተለያችሁኝም»። ይህ አነጋገር ማንንም አያስቀይምም፣ ደግሞም አይርቅም፤ የቤተሰብ ሙቀት አለው። ከደብዳቤው ትልቁ ክፍል በዚህ ያልፋል።

ለአንዳቸው ብቻ ስትናገር ግን «እርስዎ» በሉ፤ ስማቸው ላይም «ወይዘሮ» ወይም «አቶ» ጨምሩ። «እትዬ» እና «ጋሼ» የሚመርጥ ቤተሰብም አለ። ልጅቷ ራሷ ስለ ሰዎቹ ለአያቶቿ በስልክ ስታወራ በምን እንደምትጠራቸው ጠይቋትና እሱን ውሰዱ። ሰዎቹ ገና ወጣቶች፣ የ30 ዓመት ባልና ሚስት ቢሆኑም እኔ ከ«እርስዎ» አልወርድም። ያኖሯት ሰዎች ናቸውና።

«እርስዎ» አንድ ችግር ያመጣል። «አስተማሩኝ» የሚለው ቃል ለ«እርስዎ»ም፣ ለ«እሳቸው»ም፣ ለ«እነሱ»ም አንድ ነው። ስለዚህ «ዋና አስተማሩኝ፣ ማታ ማታ ሂሳብ ያስጠኑኝ ነበር» ብላችሁ ብትጽፉ ማን ዋና፣ ማን ሂሳብ እንዳስተማረ አይለይም፤ ሌላ ሰው ስለ ሌላ ሰው የሚያወራም ይመስላል። በእያንዳንዱ መዞሪያ ላይ ስሙን ጥሩና «እርስዎ»ን አስገቡ፦ «ወይዘሮ እገሊት፣ እርስዎ...»፣ ከዚያ «አቶ እገሌ፣ እርስዎ ደግሞ...»። በዝምታ ስታነቡት የበዛ ይመስላችኋል፤ ሲሰማ ግን አይበዛም።

ምስጋናውን በትኑት

የእንግሊዝኛ የምስጋና ደብዳቤ ምስጋናውን ፊት ያስቀምጥና ምክንያቶቹን ከኋላ ይደረድራል። የእኛ ዓረፍተ ነገር ግን ግሡ መጨረሻ ላይ ነው። ቃል በቃል ብትሄዱ የሚወጣው ይህ ነው፦

«ከአየር ማረፊያ ስለተቀበላችሁኝ፣ እስከ ሌሊት ስለጠበቃችሁኝ፣ ዋና ስላስተማራችሁኝ፣ ሂሳብ ስላስጠናችሁኝ፣ ስታመም ስላስታመማችሁኝና ጓደኛዬን ስላስተናገዳችሁልኝ በጣም አመሰግናለሁ።»

ስህተት የለበትም። ግን የስብሰባ መዝጊያ ንግግር ይመስላል። አያቶች እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ምን እየተባለ እንደሆነ አያውቁም፤ መጨረሻው ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ ላይ የተባለው ጠፍቷቸዋል። ምስሉም የለም። ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ አይታይም።

ስለዚህ እያንዳንዱን ውለታ በራሱ ዓረፍተ ነገር ተርኩት፤ በተጠናቀቀ ግሥ፣ በተሠራበት ቅደም ተከተል። «አውሮፕላኑ ዘግይቶ ነበር ያረፈው። ሁለታችሁም ሳትተኙ ጠበቃችሁኝ።» እንዲህ ሲባል «አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል ባይኖርም ምስጋናው ይሰማል። ቃሉን ለመጨረሻው አንቀጽ አቆዩት። በእንግሊዝኛው ስምንት ጊዜ ቢመጣ እንኳ በአማርኛ አንዴ ወይም ሁለቴ ይበቃል፤ የቀረው ቦታ ላይ «ውለታችሁን አልረሳም»፣ «በእርስዎ ነው ያለፍኩት» የሚሉት ሥራውን ይሠራሉ። ይህ ደብዳቤውን መለወጥ አይደለም። የተሠራው ነገርም ሆነ የምስጋናው መጠን ያው ነው፤ የተቀየረው አደራደሩ ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ» ይግባ ወይ? ልጅቷ ከአያቶቿ ጋር ስታወራ የምትለው ከሆነ አዎ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ መጨረሻ አካባቢ። ቤቱ የሙስሊም ቤት ከሆነ «አላህ ይስጥልኝ» ይሆናል። ከዚያ ያለፈ ረጅም ምርቃት ግን በእሷ ስም አትጨምሩ። ምርቃት የትልቅ ሰው ነው፤ አያቶቹ ራሳቸው ይመርቃሉ።

ቀን፣ ሰዓትና ልክ

ደብዳቤው አናት ላይ «ጁን 24፣ 2024» ይላል። በእኛ ሰኔ 17 ቀን 2016 ነው። ዓመቱን ስትቀይሩ ከጃንዋሪ 1 እስከ መስከረም 1 ዋዜማ ያለው 8 ይቀነስለታል፣ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ያለው 7። ስለዚህ ልጅቷ የሄደችበት ሴፕቴምበር 3፣ 2023 ነሐሴ 28 ቀን 2015 ነው፤ መስከረም ገና አልገባም። እዚህ ጋ ብዙ ሰው 7 ቀንሶ 2016 ይጽፋል። አያቶች ልጅቷ የሄደችበትን ቀን በደንብ ያስታውሳሉ፤ ከአዲስ ዓመት በፊት መሆኑንም ያውቃሉ፤ ከተሳሳተ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው እሱ ይሆናል።

ቀን ሳይጠቀስ ወር ብቻ ከተጻፈ ተጠንቀቁ። ፌብሩዋሪ ከጥር ይጀምርና የካቲት ውስጥ ያልቃል። ልጅቷ የታመመችው በወሩ አጋማሽ መሆኑን ከነገረቻችሁ «በየካቲት» ማለት ትችላላችሁ። ካልነገረቻችሁ «ክረምታቸው ላይ» ብትሉም ያስኬዳል፤ ግን «ክረምታቸው» በሉ፤ «ክረምት» ብቻ ካላችሁ አያቶች ሐምሌና ነሐሴን ነው የሚያስቡት። «አዲስ ዓመት»ም እንደዚሁ ነው። «የፈረንጆች አዲስ ዓመት» ካልተባለ መስከረም ይሆንባቸዋል።

ሰዓቱ የባሰ ያሳስታል። አውሮፕላኑ ያረፈው በእንግሊዝኛው ሌሊት 1፡30 ላይ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ብትገለብጡት አያቶች ማታ 1 ሰዓት ተኩል ብለው ይረዱታል፤ ገና የእራት ሰዓት ነው፤ ታዲያ ይህን ያህል ምን ያስመሰግናል? 6 ሰዓት ደምሩበት፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል። አሁን ሰዎቹ ምን እንዳደረጉ ገባቸው።

ልክን በተመለከተ፣ ደብዳቤው «ሙቀቴ 103 ሲደርስ» ይላል። ይህ በፋራናይት ነው፤ በሴልሺየስ 39.4 ገደማ ይሆናል። እኔ ቁጥሩን ጭራሽ አላስገባውም፤ «ኃይለኛ ትኩሳት ይዞኝ» ይበቃል። ሆስፒታሉ 40 ማይል ይርቃል፤ 64 ኪሎ ሜትር ነው። «ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ» በሉ። ይህን ቁጥር ግን አታውጡት፤ በበረዶ ያን ያህል መንገድ መንዳታቸው ራሱ ውለታ ነው።

የሚያስደነግጡና የሚያስከፉ መስመሮች

ደብዳቤው ውስጥ ሦስት እንዲህ ያሉ ቦታዎች አሉ፤ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ሁለተኛ እናትና አባት ሆናችሁልኛል» ትላለች። በእንግሊዝኛ የተለመደ የፍቅር አባባል ነው። በአማርኛ ቃል በቃል ሲቀመጥ አያቷ «የመጀመሪያዎቹ ምን ሆኑ?» ሊሉ ይችላሉ። ዋናው ሐሳብ ግን «እናትና አባት የሚያደርጉትን አደረጋችሁልኝ» ነው፤ እንዲያ ጻፉት። አንድ አደጋ አለው፦ «እናቴና አባቴ ቢኖሩ የሚያደርጉትን» አትበሉ። የሞቱ ያስመስላቸዋል። «አጠገቤ ቢሆኑ» በሉ።

ሁለተኛው የከፋ ነው፦ «ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት እንዳለኝ ተሰማኝ»። አያቶቿ አሳድገዋታል፤ ይህን ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል? እዚህ ላይ በራሳችሁ አትፍረዱ፣ ልጅቷን ጠይቋት። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ» ነው። ከእነዚህ ሰዎች በፊት ሌላ ቤት ተቀምጣ አልተመቻት ይሆናል፣ ወይም መጀመሪያ ላይ ብቸኝነት አጥቅቷት ይሆናል። የጊዜው ገደብ እሷ ልብ ውስጥ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን አልተጻፈም። ጻፉላት። ገደቡ የለም፣ ያልኩት እንደጻፍኩት ነው ካለች ደግሞ ነገሩ የትርጉም አይደለም፤ ያንን መስመር ለአያቶቿ ታሰማ አታሰማ እሷ ትወስን።

ሦስተኛው በተቃራኒው ቀላል ሆኖ ሰው የሚሰናከልበት ነው። ልጅቷ በራሷ ላይ እየቀለደች «እኔን መቻላችሁ ይገርመኛል፣ መዓት ነበርኩ» ትላለች። ይህ እንዳለ ከተተረጎመ አያቶች ልጅቷ ሰው ቤት ሄዳ አጥፍታለች ብለው ያፍራሉ። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ቃል አለው፦ «ብዙ አስቸገርኳችሁ»። ሲሰሙት ጥፋት ሳይሆን ጨዋነት ነው የሚሰማቸው፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል።

ሙሉው ሲሠራ

ከላይ ያልነውን ሁሉ አንድ ላይ ስናደርገው ደብዳቤው ይህን ይመስላል። ስሞቹን በ«እገሌ» እና «እገሊት» ተክቻቸዋለሁ። እናንተ እውነተኛ ስማቸውን በግዕዝ ፊደል ጻፉ፤ አጠራሩን ከልጅቷ አፍ ሰምታችሁ።

«ሰኔ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወዳችሁ ለወይዘሮ እገሊትና ለአቶ እገሌ፣

ጊዜው እንዴት እንዳለቀ አላውቅም። የመጣሁበት ሌሊት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። አውሮፕላኑ ዘግይቶ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር ያረፈው። ሁለታችሁም ሳትተኙ፣ ስሜን ካርቶን ላይ ጽፋችሁ፣ ቆማችሁ ጠበቃችሁኝ። በጣም ፈርቼ ነበር። ስሜን ሳይ ፍርሃቴ ለቀቀኝ።

ወይዘሮ እገሊት፣ እርስዎ ውሃ ዋና አስተማሩኝ። ውሃ ስፈራ አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ እጄን ይዘው አብረውኝ ገቡ። አቶ እገሌ፣ እርስዎ ደግሞ ከሥራ ደክመው ገብተው እንኳ ማታ ማታ ሂሳብ ያስጠኑኝ ነበር። ፈተናውን ያለፍኩት በእርስዎ ነው።

በየካቲት ኃይለኛ ትኩሳት የያዘኝ ጊዜ በዚያ በረዶ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ነድታችሁ ሆስፒታል አደረሳችሁኝ። እስኪሻለኝ ድረስ ከአጠገቤ አልተለያችሁም። እናቴና አባቴ አጠገቤ ቢሆኑ የሚያደርጉትን ነው ያደረጋችሁልኝ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ቤቴ እንዳለሁ ሆኖ የተሰማኝ እናንተ ጋ ነው።

ብዙ አስቸገርኳችሁ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ጓደኛዬ መጥታ ስታድር እንኳ እሷንም እንደ እኔ ነው የያዛችኋት።

በጣም አመሰግናችኋለሁ፤ ውለታችሁን አልረሳም። እግዜር ይስጥልኝ። ተመልሼ መጥቼ እንደማያችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምትወዳችሁ፣
የልጅቷ ስም»

ከዚህ በፊት፣ ከደብዳቤው ተለይቶ አናት ላይ፣ ሁለት ሦስት መስመር የእናንተ ማስታወሻ ይግባ። «እማማ፣ አባባ፣ ይህ ልጃችሁ ያኖሯትን ሰዎች ያመሰገነችበት ደብዳቤ ነው። ወይዘሮ እገሊት ሚስትየዋ፣ አቶ እገሌ ባልየው ናቸው። ታማ የነበረችው በየካቲት ነው፤ አሁን ደህና ናት።» ይህ ካልተነገረ አያቶች ደብዳቤው ለእነሱ የተጻፈ መስሏቸው ግራ ይጋባሉ፤ ሕመሙም የአሁን ይመስላቸዋል። ማብራሪያችሁን ደብዳቤው ውስጥ በቅንፍ አትክተቱ። ሲነበብ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም።

ጮክ ብላችሁ አንብቡት

ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን ለአያቶች የሚያነብላቸው ሌላ ሰው ነው፤ ጎረቤት፣ ወይም የስድስተኛ ክፍል ልጅ። እንግሊዝኛውን አላየም፣ ታሪኩንም አያውቅም። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡትና ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ አድርጉ። የሚደናቀፍበትን ቦታ ምልክት አድርጉ።

በጣም የሚያደናቅፈው ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አለማሳየቱ ነው። ከላይ «ውሃ ዋና» ያልነው ለዚህ ነው። «ዋናውን አስተማሩኝ» ቢባል አንባቢው አጥብቆ «ዋናውን ነገር» ብሎ ሊያነበው ይችላል። «ገና ሲገባ» ደግሞ በዓሉ ነው ወይስ «ገና በሩን ሲገባ»? በዓሉ ከሆነ «የገና በዓል ሲደርስ» ብላችሁ ጻፉ። አንባቢው አንድ ቦታ ላይ ተመልሶ እንደገና ካነበበ ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት። ትንፋሽ ካጠረውም በአራት ነጥብ ቁረጡት።

ከዚያ ወረቀት ላይ አትሙት። ፊደሉ ቢያንስ 16 ይሁን፣ በመስመሮቹ መካከልም ሰፋ ያለ ቦታ ተዉ። በስልክ የምትልኩት ከሆነ በፒዲኤፍ ወይም በፎቶ ይሁን፤ አንዳንድ አሮጌ ስልክ ላይ የአማርኛ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ልጅቷ ራሷ አማርኛውን በድምፅ አንብባ ብትልክላቸው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ወረቀቱም ግን ይድረሳቸው፣ ደጋግመው ማስነበባቸው አይቀርም። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ከጀርባው አያይዙት። ባያነቡትም የእጅ ጽሑፏን ማየት ይፈልጋሉ።

አያቶች ሰምተው ሲጨርሱ ለሰዎቹ መልስ መላክ መፈለጋቸው አይቀርም። ተዘጋጁበት፤ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። የሚሉትን በማስታወሻ አሳጥራችሁ አትያዙ፣ ምርቃቱ ተቆርጦ ይቀራልና። ቅጂውን ለልጅቷ ላኩላት፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ለሰዎቹ የምታደርሰው እሷ ትሁን። ሰዎቹ አማርኛ ባይሰሙም የአያቶቹን ድምፅ ከትርጉሙ ጋር አብራ ታሰማቸው።